ጥቆማ፦ የልደት ቀን ለማሳረም ራፖር ጸሐፊ ይበቃል ወይስ ጠበቃ ይያዝ?

ትዕግሥት፦ የእህቴ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ኅዳር 5 ቀን 1990 ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው መስከረም 5 ቀን 1990 ነው። ወረዳው «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አምጡ» አለን። ያለነው አዲስ አበባ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች ጋር እንጨርስ ወይስ ጠበቃ? የክርስትና ካርድና የትምህርት ማስረጃ አላት።

ዳዊት፦ ጠበቃ ግድ ነው። ሆስፒታል ሄዳም የዕድሜ ምርመራ ታምጣ፣ ዳኛ የሚያምነው ሐኪም ነው።

ጋሽ ዘውዱ፦ ጠበቃ ግድ አይደለም ዳዊት፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ማቅረብ ትችላለች። የሐኪም ምርመራ ደግሞ ግምት ነው። በዓመት ደረጃ ይናገር ይሆናል እንጂ የሁለት ወር ልዩነት አጥንት ላይ አይነበብም።

ትዕግሥት፣ እህትሽ ለአካለ መጠን ስለደረሰች አመልካቿ እሷ ናት። አንቺ የምትሄጂላት ከሆነ መጀመሪያ ውክልና ያስፈልግሻል። የክርስትና ካርዱ ላይ ቀኑ ስንት ይላል?

ትዕግሥት፦ ኅዳር 24 ቀን 1990።

ጋሽ ዘውዱ፦ እንግዲያው ዋናው ማስረጃሽ እሱ ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። መስከረም 5ን አንድ ብለሽ ቁጠሪ፤ 80ኛው ቀን ኅዳር 24 ላይ ይወድቃል። ኅዳር 5 ተወልዳ ቢሆን ግን ክርስትና የተነሳችው በ20 ቀኗ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ስሌት በአቤቱታው ላይ በሁለት መስመር አስጽፊው፣ ዳኛው ራሱ እንዲቆጥር አትተዪው። የትምህርት ማስረጃው ያንኑ መስከረም 5 የሚል ከሆነ አያይዢው። ዓመቱን ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ግን ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳሽም።

ሰላማዊት (ጠበቃ)፦ ስለ ጸሐፊዎቹ ልጨምር። ብዙዎቹ ያላቸውን ቅጽ አውጥተው ስምና ቀን ብቻ ይቀይራሉ። ችግሩ የሚመጣው «የምጠይቀው ዳኝነት» የሚለው ላይ ነው። «የልደት ቀኔ ይስተካከልልኝ» ብቻ ከተባለ ትዕዛዙም እንደዚያው ደፈናውን ይወጣል፣ ወረዳው ደግሞ የትኛውን መዝገብ እንደሚያርም አልተነገረኝም ብሎ ይመልሳችኋል። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር፣ የመዘገበው ወረዳ፣ ስህተቱ ቀንና ትክክለኛው ቀን በግልጽ ይጻፉ። የፈረንጁንም ጨምሩ፤ መስከረም 5 ቀን 1990 ማለት ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በመስከረም የሚደመረው 7 ሆኖ ሳለ 8 ደምሮ 1998 ያደርገዋል። ከዚያ ሌላ ስህተት ለማሳረም ሌላ መዝገብ ልትከፍቱ ነው።

አቤቱታው ከቃለ መሐላና ከማስረጃ ዝርዝር ጋር ነው የሚገባው። ልደቷን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ምስክሮችንም ቁጠሩ፤ የክርስትና እናቷ ካለች እሷን አስቀድሙ።

የእኔ ምክር፦ ማስረጃዎቹ እርስ በርስ ከተስማሙ፣ እንደናንተ፣ ጥሩ ጸሐፊ ይበቃል። አንዱ ሰነድ ሌላውን የሚቃረን ከሆነ ግን ጠበቃ ያዙ።

አበራ፦ እኔም መሥሪያ ቤት የመዘገቡልኝ ዕድሜ በሦስት ዓመት ይበልጣል። በዚሁ መንገድ ባሳርም ጡረታዬ ይገፋልኛል?

ሰላማዊት (ጠበቃ)፦ ጋሽ አበራ፣ የእርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው። የልደት ምስክር ወረቀትዎ ቢታረምም ያኛው በዚያ ምክንያት አይገፋም።

ዳዊት፦ እሺ፣ የስም ፊደልስ? «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ ቢለያይም ፍርድ ቤት ነው።

ጋሽ ዘውዱ፦ እሱ መጀመሪያ ወረዳውን መጠየቅ ነው። ባሕር መዝገቡ ላይ በትክክል ተጽፎ የምስክር ወረቀቱ ሲታተም ከተሳሳተ ስህተቱ የጽሕፈት ቤቱ ነው፣ በማመልከቻ እንዲያርሙ ጠይቁ። መዝገቡ ራሱ ከተሳሳተ ነው ነገሩ የሚከብደው። ትዕግሥት፣ አንቺም ፋይል ከመክፈትሽ በፊት መዝገቡን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።

ትዕግሥት፦ የትኛው ፍርድ ቤት ነው? አንዱ ልደታ ሂዱ አለን።

ሰላማዊት (ጠበቃ)፦ የስም ለውጥ የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የልደት ቀን ላይ ክርክር የሚያነሳ ስላለ ከማስጻፍሽ በፊት የከተማውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጠይቂ፤ በአቤቱታው አናት ላይ የሚጻፈው የፍርድ ቤቱ ስም ስለሆነ ከተሳሳተ እንደገና ማስጻፍ ነው።

ጋሽ ዘውዱ፦ ትዕዛዙ ሲወጣ ከመዝገብ ቤት ሳትወጪ ቀኑንና ቁጥሩን ፊደል በፊደል አንብቢው፣ ማኅተሙንም እዪ። ግልባጩን ከአንድ በላይ አውጪ። መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቷ ይታረም፣ ፋይዳና ፓስፖርት ከዚያ በኋላ ናቸው።

ሂሩት (ከቤይሩት)፦ የእኔ ፓስፖርት ላይ ደላላው ዕድሜዬን በአምስት ዓመት አስጨምሮታል፣ የልደት ምስክር ወረቀቴ ግን ትክክል ነው። ምን ላሳርም?