ከዳሌ ስብራት ቀዶ ጥገና በኋላ እናቴ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ትሥራ?

ጥያቄ፦ ልጇ

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ወድቃ የግራ ዳሌዋ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ዘንግና ብሎን ገብቶላታል። አሁን አራተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ከሆስፒታል ስትወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ "የቻለችውን ያህል ክብደት ትጣልበት" ይላል። ተኝታ የምትሠራቸው እንቅስቃሴዎችም ተጽፈዋል። ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ ጭንን ማጠንከር፣ ተረከዝን አልጋው ላይ እየሳቡ ጉልበት ማጠፍ። እነዚህን ሳትሰንፍ ትሠራለች። ግን ከወንበር ስትነሳ እኔ ካልጎተትኳት አይሆንላትም። በዎከር ስትሄድም ግራ እግሯን መሬት ነካ አድርጋ ታነሳዋለች እንጂ አትቆምበትም። ምን እንጨምር? በቀን ስንት ጊዜ? ሕመሙስ እስከ ምን ድረስ ቢሆን ነው የማያሰጋው?

ጡረተኛው

ልጄ፣ አትቸኩሉ። አጥንት የሚገጥመው ሲያርፍ ነው። እኔ ዳሌዬን በተሠራሁ ጊዜ ኤክስሬይ ተነስቼ ሐኪሙ "ገጥሟል" እስኪለኝ ድረስ ክብደት አልጣልኩበትም፤ ይኸው ዛሬ እሄዳለሁ። ደግሞ ስትተኛ በጉልበቶቿ መሀል ትራስ አድርጉላት። እግሯን አታነባብር፣ ዝቅ ያለ ወንበር ላይም አትቀመጥ። አለበለዚያ ዳሌዋ ይወልቃል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ጋሼ፣ የእርስዎ ሐኪም ያን ያዘዘው የእርስዎን ስብራት አይቶ ነው፤ ማክበርዎም ልክ ነው። የእሳቸው ሐኪም ግን የቻሉትን ያህል ይቁሙበት ብሏል። እንዲህ ከተባለ መተኛቱ ነው የሚጎዳቸው። በዚህ ዕድሜ ጡንቻ የሚከሳው በቀናት ነው፤ ሲመለስ ግን በወራት ነው። ትራሱና እግር አለማነባበሩ ደግሞ በአብዛኛው የሚታዘዘው የተሰበረው የአጥንት ራስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ለተተካለት ሰው ነው። በዘንግና በብሎን ለተያዘ ስብራት የመውለቅ ስጋት ያን ያህል አይደለም። ወረቀታችሁ ላይ ካልተጻፈ አትጨነቁበት።

እህቴ፣ የተኙበት እንቅስቃሴ መጥፎ አይደለም፤ ግን ጋደም ብሎ ጉልበት ማጠፍ መነሳትን አያስተምርም። አሁን ዋናው ሥራቸው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ይሁን። መጎተቱን ግን ዛሬውኑ ተይው። ትከሻቸውን ትጎጂዋለሽ፣ እግራቸውም ሥራውን ለአንቺ ይተዋል።

መደገፊያ ክንድ ያለው ጠንካራ ወንበር ፈልጊና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፊው። ከወለል እስከ መቀመጫው ያለውን ቁመት በሜትር ለኪ። ከዚያ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ጠጠር ያለ ፍራሽ እየደረብሽ ከፍ አድርጊው። የሚንሸራተት ነገር ግን አትደርቢ። አንቺ ሳትነኪያቸው፣ የወንበሩን ክንድ በእጃቸው ገፍተው መነሳት የቻሉበት ከፍታ መጀመሪያቸው ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይጠጉ። ሁለቱንም እግራቸውን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ጣቶቻቸው ከጉልበታቸው ትይዩ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ። እዚህ ላይ ግራ እግራቸውን ልብ ብለሽ እዪው። ሕመም የፈራ ሰው የተሠራውን እግር ሳያውቀው ወደ ፊት ዘርግቶ በደህናው ብቻ ይነሳል። እንዲህ ሲነሱ ከቆዩ ቀኝ እግራቸው ይበረታል፣ ግራው ባለበት ይቀራል። ከዚያ አፍንጫቸው ከጣቶቻቸው በላይ እስኪመጣ ጎንበስ ብለው ይነሱ። ሲቆሙ መቀመጫቸውን ጨምቀው ቀጥ ይበሉና ሦስት እስኪቆጠር ይቆዩ። ሲቀመጡ ዱብ አይበሉ። አራት እየቆጠርሽላቸው ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ጭኑን የሚያጠነክረው ይሄኛው ነው።

አምስት ጊዜ ተነስተው ይረፉ፣ ከዚያ አንድ ዙር ይድገሙ። ይህን ጠዋትና ከሰዓት። በአንድ ዙር ስምንት ወይም አስር ጊዜ ተነስተው "ሁለት ልጨምር እችላለሁ" ካሉ፣ በማግሥቱም እንዲሁ ከሆነ፣ ወንበሩን ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው። ብርድ ልብሱን አንድ እጥፋት መቀነስ ማለት ነው። አንቺ በግራ ጎናቸው ትንሽ ወደ ኋላ ሆነሽ ቁሚ፣ እጅሽ ወገባቸው አካባቢ ይሁን።

ሕመሙን በተመለከተ፣ ከአስር አራት ወይም አምስት ቢደርስ ችግር የለም። ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደነበረበት መመለስ አለበት። በማግሥቱ ጠዋት ከትናንቱ ከባሰባቸው አታቁሚ፣ በግማሽ ቀንሺ።

የአባቱ ልጅ

የእኔ አባት ማስታወስ ይቸግራቸዋል። "ስፖርት እንሥራ" ስላቸው "ደክሞኛል" ብለው ይዞራሉ። ስለዚህ ስፖርት ማለቱን ተውነው። ሽንት ቤት ሊሄዱ፣ ሊበሉ፣ ፀሐይ ሊሞቁ በተነሱ ቁጥር "አንዴ ይቀመጡና እንደገና ይነሱ" እላቸዋለሁ። ሁለቴ ተነስተው ነው የሚሄዱት። ማንም ሳይቆጥር ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ይውላሉ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ቁጭ ብለው የሚመቱት የእግር ፔዳል አይሻልም? እኛ ገዝተን አባቴ ወደውታል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ሁለቴ መነሳቱ በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ልጅየዋም ትውሰደው። ፔዳሉ መገጣጠሚያውን ያፍታታል፤ ትንፋሽም ይሠራል። ግን እግሩ ሰውነቱን አይሸከምም፤ ስለዚህ መቆሙን አይተካም።

መቆም ካልኩ አይቀር፦ ክብደት መጣል የሚፈሩ ታካሚዎችን "ጣሉበት" እያሉ መጨቅጨቅ ብዙ አይረዳም። በዓይናቸው ሲያዩት ነው የሚለወጡት። ሁለት የሰው ሚዛን ካገኛችሁ ጎን ለጎን ወለል ላይ አስቀምጡ። ሚዛኑ አንድ ብቻ ከሆነ በሌላኛው እግር ስር በቁመት የሚተካከል ጣውላ አድርጉ። ከፊት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይሁን፣ እጃቸውን ያሳርፉበት። ከኋላ ወንበር ይጠብቃቸው። ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዘንብሉ፣ ቁጥሩን አንብቢላቸው፣ አምስት እስኪቆጠር ይያዙት፣ ይመለሱ። ስምንት ጊዜ ያህል ይበቃል። ዛሬ ያገኙትን ጻፊና በየሁለት ሦስት ቀኑ አወዳድሪ።

ነርሷ

ሁለት ነገር ልጨምር። ማስታገሻቸውን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ወይም 45 ደቂቃ ቀደም ብለው ይውሰዱ፤ ሲሠሩ ይቀላቸዋል። የሚያደነዝዝ ዓይነት ከሆነ ግን ከወሰዱ በኋላ ብቻቸውን አይነሱ። ከአልጋ ሲነሱም ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይበሉና ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ዞር ካላቸው ይቀመጡ።

ባታቸውን በየቀኑ እዪው። አንዱ ከሌላው ያበጠ፣ የሞቀ፣ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። የደም መርጋት መከላከያ ከታዘዘላቸውም "አሁን እኮ እየሄድኩ ነው" ብለው እንዳይተዉት።

ልጇ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የእኛ ወንበር 46 ሳንቲ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ጭራሽ አልቻለችም። ደርበን ደርበን 55 ስናደርሰው ራሷ ተነሳች! እኔ እንኳን አልነካኋትም። አሁን 52 ላይ ነን። እግሯን ግን እውነትም ወደ ፊት ትዘረጋለች፤ ሁሌ "እማ፣ እግርሽን ሳቢ" ማለት አለብኝ።

ሚዛኑንም ሞከርነው። እናቴ 56 ኪሎ ናት። መጀመሪያ በግራ 11፣ በቀኝ 38 ነበር፤ የቀረው እጇ ላይ መሆኑ ነው። እሷ ግን እኩል የቆመች ነበር የሚመስላት። ቁጥሩን ስነግራት ደነገጠች። አሁን በግራ 19 ደርሳለች።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማታ ማታ ግራ ጉልበቷን ያማታል። ጉልበቷ አልተመታም። ደግሞ ግራ እግሯ ትንሽ ያጠረ ይመስለኛል።

ጡረተኛው

ጉልበቱ እኔንም አሞኝ ነበር። እየታሸ ተወኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ

የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ወይም ጭን ላይ ነው የሚሰማው። ዘንጉ ረጅም ከሆነም የታችኛው ብሎን ከጉልበት በላይ በውጭ በኩል ስለሚገባ ቦታው ይነካል። ጉልበቱን በእርጋታ ማሸት አይከፋም፤ ባታቸውን ግን አትሹት፣ በተለይ ካበጠ።

እኔ የምከታተለው አካሄዱን ነው። በሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ሕመሙ ባለበት ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ቁጥሩ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ብሽሽታቸውን በየእርምጃው የሚወጋቸው ከሆነ፣ ወይም እግራቸው ከበፊቱ አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውጭ ከዞሩ ግን ብሎኑ ወይም አጥንቱ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ አይቁሙበት፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኤክስሬይ ይነሱ። ማጠሩን በተመለከተ፣ ስብራቱ ሲገጥም ትንሽ መጫጫን የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ይሁን አሁን የመጣ፣ ያለ ኤክስሬይ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም።

የጎን ጡንቻቸውንም ጀምሩ። ጠረጴዛ ይዘው ግራ እግራቸውን ወደ ጎን ያንሱ፣ ወገባቸው ሳይዘም። ያ ሲቀላቸው ይገለብጡት፤ በግራ ቆመው ቀኙን ያንሱ። ከባዱ ይሄ ነው። ሚዛኑ ላይ ግራው ከክብደታቸው ግማሽ፣ ማለትም 28 ኪሎ ገደማ፣ ሳይደርስ ግን አትጀምሩት።

ጡረተኛው

ታዲያ ከዎከር ወደ ከዘራ መቼ ትሸጋገር? እኔ ቶሎ ነው የተውኩት። ከዘራዬንም በታመመው እግሬ በኩል ነበር የምይዘው፣ ያው ደገፍ እንዲያደርገኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ከዘራ በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዘው። ለእሳቸው ቀኝ እጃቸው ነው። ከግራ እግራቸው ጋር እኩል ወደ ፊት ይሄዳል። በታመመው በኩል ከያዙት ሰውነት ወደዚያው ይዘማል፣ ዳሌውም የበለጠ ይሸከማል።

ጡረተኛው

እኔ እንኳ እንዲያ ይዤ ነው የዳንኩት።

ነርሷ

እኔ ከዘራውን ባይቸኩሉ ነው የምመርጠው። ሁለተኛ ውድቀት የሚያስከትለውን ስላየሁ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እዚህ ላይ ከነርሷ ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ዎከር ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው አካሄዱ ጎባጣ ሆኖ ይቀራል። በጣት ጫፍ ብቻ ጠረጴዛ ነክተው በግራ እግራቸው አሥር ሰከንድ ከቆሙ፣ አንቺ አጠገባቸው እያለሽ ቤት ውስጥ በከዘራ ይሞክሩ። ውጭ ሲወጡ ዎከሩ ይቆይ።

ልጇ

እሺ። በራችን ላይ አንዲት ደረጃ አለች። እሷንስ?

ፊዚዮቴራፒስቷ

ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የተሠራው። አንቺ ሁሌም ከታች በኩል ቁሚ።

ልጇ

ሐሙስ ቀጠሮ አላት። የሚዛኑን ቁጥርና የጉልበቷን ነገር ጽፌ ይዣለሁ። ማጠሩን ሐኪሙ ምን እንደሚል እነግራችኋለሁ።