ሼር አድርጌለት ሰውየው ሰረቅከኝ አለኝ፣ አስቸኳይ!

ዶሮ_ሰፈር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ የሚያይ ሰው ካለ እባካችሁ። የዶሮ እርባታ ቻናል አለኝ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለ ፈንግል ክትባት የጻፈውን ወድጄው ሼር አደረግኩት። ዛሬ በውስጥ መስመር «ጽሑፌን ሰርቀሃል፣ እስከ ማታ ካላስተካከልክ ሪፖርት አደርግሃለሁ» አለኝ። ሼር ሲደረግ ስም ራሱ አብሮ አይመጣም እንዴ? ኤክስ ላይም ኮት አድርጌዋለሁ። የቱ ነው ያናደደው?

ማሜ_ሰበታ፦
የት ነው ሼር ያደረግከው? ምኑን ተጭነህ? እሱን ሳትነግረን ምን እንበልህ።

ጋሽ_በላቸው፦
ልጄ፣ ነገሩ የቁልፍ ጉዳይ አይደለም። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሰው የጻፈው ነገር የራሱ ነው፤ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም አለው። ደግሞ ስም መጥቀስና ፈቃድ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ስሙን ጠቅሰህ ሙሉውን ብትገለብጠው እንኳ ፈቃድ አግኝተሃል ማለት አይደለም። የዛሬ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ሜዳ ላይ የወደቀ ነገር ታስመስሉታላችሁ።

ማሜ_ሰበታ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ልጁ እስከ ማታ ነው ያለው 😄

ዶሮ_ሰፈር፦
ይቅርታ፣ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ነው። ጽሑፉን ያየሁት ግን ፌስቡክ ላይ ስለሆነ ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩት። ከታች «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ብያለሁ እኮ!

የጨርቆሱ፦
«ምንጭ፦ ፌስቡክ» 😂😂 ደብዳቤ ሲደርስህ የጻፈልህ ፖስታ ቤቱ ነው እንዴ?

ሄለን_ዘ_አድሚን፦
በቃ ተገኘ። ያደረግከው ሼር አይደለም፣ ቅጂ ነው። ኮፒ አድርገህ ስትለጥፍ መተግበሪያው ጽሑፉ የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካንተ ቻናል ስለወጣ ያንተ ያደርገዋል። ስም አብሮ የሚመጣው በመተግበሪያው ቁልፍ ስታሳልፈው ብቻ ነው። ፌስቡክ ላይ Share ብትል ኖሮ የሐኪሙ ልጥፍ ከነስሙ በሳጥን ውስጥ ይታይ ነበር፤ ስሙን የነካ ሰውም እሱ ጋ ይደርሳል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሐኪሙ ቻናል ካለው ከዚያ ፎርዋርድ ብታደርገው ከላይ Forwarded from ብሎ የቻናሉን ስም ያወጣል። አንተ ጋ የተነበበውም የእሱ ልጥፍ የእይታ ቁጥር ላይ ይደመርለታል። በኮፒ ግን ቁጥሩ ሁሉ ላንተ ሆነ፤ ለዚያ ነው የተናደደው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ፎርዋርድ ስታደርግ Hide Sender's Name የሚል ምርጫ አለ። እሱን ከነካህ ስሙ ይጠፋና ተመልሰህ ኮፒ ያደረግከው ያህል ነው።

ቢኒ፦
ኤክስ ላይ ያለው ችግር የለውም። ኮትም ሪፖስትም አንድ ነው፣ ሁለቱም ላይ ስሙ ይታያል። እሱን ተወው።

ሄለን_ዘ_አድሚን፦
ቢኒ፣ ስሙ መታየቱን ልክ ነህ፤ አንድ ናቸው ያልከው ግን አይሄድም። ሪፖስት ሲሆን የሚታየው የሰውየው ልጥፍ ራሱ ነው። ላይክም አስተያየትም የሚገባው ለእሱ ነው፣ ያንተ ስም ከላይ በትንሹ ይጻፋል። ኮት ግን አዲስ ልጥፍ ነው። የሱ ጽሑፍ ካንተ ቃል ሥር ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ላይኩ የሚሰበሰበው ላንተ ነው። ሰውም የሚመልሰው ላንተ እንጂ ለእሱ አይደለም። ሐኪሙ ልጥፉን ቢያጠፋው ሪፖስቱ አብሮ ይጠፋል፤ ኮቱ ግን ያንተ ቃል ከላይ፣ ልጥፉ የማይታይበት ሳጥን ከታች ሆኖ ይቀራል።

ቢኒ፦
እሺ ግን ስሙ ካለ ክሬዲት ተሰጠ ማለት ነው። ላይክ ደግሞ ምን ያደርግለታል?

የጨርቆሱ፦
ላይክ ከንቱ ነው የሚሉት ላይክ የማያገኙ ሰዎች ናቸው 😂

ሰላም_ዶሃ፦
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የእህቴን የልጅ ልደት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሼር አድርጌ የሥራ ባልደረቦቼ አይታየንም አሉኝ። ስልኬ ይሆን?

ማሜ_ሰበታ፦
ስልክሽ አይደለም እህት። እህትሽ ለጓደኞቿ ብቻ ብላ ለጥፋው ይሆናል። አንቺ ሼር ብታደርጊውም የሚያየው መጀመሪያም ማየት የሚችል ሰው ነው። እሷ ለሁሉም ክፍት ካላደረገችው አይታያቸውም።

ዶሮ_ሰፈር፦
ሄለን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውየው «ከስሜ በላይ ያናደደኝ ያላረምከው ነገር ነው» ይላል። ምን ማለቱ ነው? አንድ ፊደል አልነካሁበትም።

ሄለን_ዘ_አድሚን፦
ፌስቡክ ላይ ሄደህ ዋናውን ልጥፍ እንደገና አንብበው። ምናልባት ከወሰድከው በኋላ አስተካክሎት ይሆናል።

ዶሮ_ሰፈር፦
ኧረ አዎ! በመጠጥ ውሃ ስለሚሰጠው ክትባት የሚያወራው ቦታ ላይ «ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ» የሚል ጨምሯል። የኔ ላይ የለም።

ወይዘሮ_ጫልቱ፦
እንዴ ልጄ፣ ይሄማ ትልቅ ነገር ነው! ያ ክትባት ሕያው ነው፣ ክሎሪን ይገድለዋል። ያንተን አንብቦ ከቧንቧ ቀድቶ የሰጠ ሰው ዶሮዎቼ ተከተቡ ብሎ ይተኛል፣ በሽታው ሲመጣ ግን ያልተከተቡ ያህል ያልቃሉ። ሰውየው መቆጣቱ አይበዛበትም።

ሄለን_ዘ_አድሚን፦
አየህ፣ የስም ነገር ለክብር ብቻ አይደለም። ፌስቡክ ላይ Share ብትለው ኖሮ ሲያርመው ያንተም ገጽ ላይ የታረመው ይታይ ነበር። ኮፒው ግን በዚያች ቀን ላይ ቆሟል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድም ቢሆን እርማቱን አያመጣልህም፣ የተላለፈው እንደተላለፈ ይቀራል። ቢያንስ ግን አንባቢው ስሙን ነክቶ ዋናው ጋ ይሄዳል።

አሁን እንዲህ አድርግ። የቻናልህን ልጥፍ ተጭነህ Edit በል። መጀመሪያው መስመር ላይ የሐኪሙን ሙሉ ስምና የፌስቡክ ልጥፉን ሊንክ አስገባ። «ምንጭ፦ ፌስቡክ» የሚለውን አውጣው። የክሎሪኑን ዓረፍተ ነገር ጨምርና «ይህ ጽሑፍ ታርሟል» በል። ከዚያ ለሰውየው ያረምከውን ልከህ «ይቆይ ወይስ ላጥፋው?» ብለህ ጠይቀው። መወሰን ያለበት እሱ ነው።

ጋሽ_በላቸው፦
አሁን የኔን ነገር አልሽ። ፈቃድ!

ማሜ_ሰበታ፦
እኔ ግን ማረሙን አልስማማም፣ ያጥፋው። ሙሉውን ገልብጦ ስም ቢጨምርበት ያው ነው። ሁለት መስመር ጽፎ ሊንኩን ይስጥ፣ ሰው እዚያ ሄዶ ያንብብ።

ሄለን_ዘ_አድሚን፦
ማሜ፣ ቢያጠፋው ከእሱ ቻናል ፎርዋርድ የተደረጉት ሌሎች ግሩፖች ላይ ይቀራሉ እኮ። ስሙን ነክተው ወደ ቻናሉ ሲመጡ እርማቱን የሚያገኙበት ልጥፍ ቢኖር ይሻላል።

ማሜ_ሰበታ፦
እርማቱን ለብቻው አዲስ ልጥፍ አድርጎ ከላይ ይስቀለው እንጂ። ሊንክ ያለው አዲስ ልጥፍ።

የጨርቆሱ፦
ዶሮ_ሰፈር የት ገባህ? መሸ እኮ።

ሰላም_ዶሃ፦
ማሜ ተባረክ፣ እህቴ ከፈተችው፣ ታየ። አሁን ደግሞ አማቴ ለምን እኔን ታግ አላደረጋችሁም እያሉ ነው 😩