የኋላ መለያው የተቀደደ የካሴት ራዲዮ ሞዴሉን ለማወቅ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የቀረልኝ ባለ አንድ ካሴት ቴፕ አለኝ፤ ራዲዮው በደንብ ይሠራል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም። ስከፍተው ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ሞተሩን ከከባዱ መዘውር ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ ግን እንደ ሬንጅ ቀልጦ ስለተጣበቀ መጠኑን ከራሱ ላይ መለካት አልቻልኩም።

ከፊት የነበረው የስም ብረት ወድቆ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። የጣቢያ ማሳያው ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108፣ መካከለኛ ሞገድና ሁለት አጭር ሞገዶች ተጽፈውበታል። በዚያ ዘመን ለጃፓን ገበያ የሚሠሩት ኤፍ ኤማቸው ከ76 እስከ 90 ስለነበር፣ የኋላ መለያው «በጃፓን የተሠራ» ቢልም ለውጭ ገበያ የተሠራ ይመስለኛል። በመለያው ላይ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ እንዲሁም 9 ቮልት በስድስት ትልልቅ ድንጋዮች የሚሉት ይነበባሉ፤ የሞዴሉ ቁጥር ያለበት ጥግ ግን ተቀዷል፤ የቀረው የመጨረሻው «ኤል ኤስ» የሚል ፊደል ብቻ ነው።

ቺንጋው የሚያልፍበትን መንገድ በክር ስለካው 210 ሚሊሜትር ሆነ። ጎማው መወጠር ስላለበት ከዚህ አምስት በመቶ ያህል የሚያጥር፣ ማለትም ወደ 200 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዙሪያ ያለው ያስፈልገኛል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ውፍረቱን አላወቅሁም፤ በጣም ከወፈረ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ከቀጠነም ይንሸራተትና ድምፁ ይወላገዳል። ቴፑን የሚጫነው ትንሽ ጎማም ደርቆ ስለሚያብረቀርቅ እሱንም መለወጥ ይኖርብኛል።

እንዲህ ያለ ማሳያና የፊደል መጨረሻ ያለው ሞዴል የምታውቁ፣ ወይም የሞዴሉ ቁጥር ከውስጥ በየትኛው ሰሌዳ ላይ ሊታተም እንደሚችል የምታውቁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።