ባዶ ቦታ ሙላ ላይ ሁለት መልስ ልክ ሆነብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ ክፍት ቦታ ያለው ምንባብ እየሰራሁ አንዱ ላይ ተጣበቅኩ። «እህቴ መጽሐፉን ____፤ አሁን እጇ ላይ የለም» ይላል፣ ምርጫዎቹ መለሰ፣ መለሰች፣ መለሰችው፣ ተመለሰች ናቸው። መለሰ በጾታ ወደቀ፣ ተመለሰች ደግሞ «መጽሐፉን» የሚለው «ን» ስላለ አይሄድም፣ እዚህ ድረስ ችግር የለም። ግን መለሰች እና መለሰችው ሁለቱም ጆሮዬ ላይ ልክ ናቸው፣ መልሱ ግን መለሰችው ነው ይላል! «መጽሐፉን» ባይኖር ኖሮ «ው» ግድ እንደሚሆን ይገባኛል፣ እዚህ ግን ተሳቢው ተጠቅሷል እኮ። በፊት «ዝናቡ ____ ልጆቹ መጫወት አላቆሙም» ላይ ስለዘነበ ብዬ ተሳስቼ፣ መጨረሻ ያለውን «አላቆሙም» ሳየው ቢዘንብም እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፣ እዚህ ግን እስከ መጨረሻ ባነብም የሚለያቸው ነገር አላገኘሁም። ያላየሁት ፍንጭ አለ ወይስ ጥያቄው ራሱ ነው ችግሩ?