በእንቅልፍ ልቤ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ መጀመሪያ የትኛውን ላድርግ?

የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ እንደምትነግረኝ፣ ለድብርት የታዘዘልኝን ፍሎክሰቲን መውሰድ ከጀመርኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ በእንቅልፍ ልቤ ጥርሴን ማፋጨት ጀመርኩ፤ ይኸው አንድ ዓመት ተኩል ሆነኝ። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬ ይደክመኛል፣ ጆሮ ግንዴንም ያመኛል፤ የላይኛው ክራንቻዬ ሹል ጫፍ ተሞርዶ ከፊት ጥርሶቼ ጋር እኩል ሆኗል፣ መሃሉ ላይም ቢጫው የውስጥ ክፍል መታየት ጀምሯል። ከፋርማሲ ገዝቼ በሙቅ ውሃ እያለሰለስኩ በጥርሴ ቅርጽ ያስያዝኩት መከላከያ በስድስት ሳምንት ተበሳ፤ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ማስቲካ ሳኝከው የማድር ይመስለኛል። የጥርስ ሐኪሜ በልኬ የሚሠራ ጠንካራ የአክሪሊክ መከላከያ እንዳሠራ መክረውኛል፤ ስለ መድኃኒቱ ግን አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሳሁላቸውም። በድንገት ማቋረጡ እንደማይመከር ስለማውቅ መውሰዴን አላቆምኩም። መድኃኒቱን ያዘዙልኝ ሐኪም መጠኑን ወይም ዓይነቱን እስኪያስተካክሉልኝ ድረስ መከላከያውን ማሠራቱን ላቆየው ወይስ ጥርሴ የበለጠ ሳይሞረድ አሁኑኑ ላሠራው?