500 ሺህ ለ10 በመቶ፦ ዳኛው ልክ ነበር?

ማለዳ
በትናንቱ የፒች ውድድር ኩባንያዋን ያቀረበች ልጅ ከኢንቨስተር «500 ሺህ ዶላር ለ10 በመቶ ድርሻ» ስትጠይቅ ዳኛው በአደባባይ «ይህ ስግብግብነት ነው» አላት። ሽያጯ በወር 10 ሺህ ደርሷል፣ ሥራው ገና አንድ ዓመቱ ነው። መሥራች ድርሻውን መጠበቁ እንዴት ስግብግብነት ይባላል? እናንተ ብትሆኑ ስንት ጠይቃችሁ ስንት ትሰጡ ነበር?

ሚዛን
ቃሉ አስቀያሚ ነው፤ ለማንም መሥራች እንዲህ አይባልም። ዳኛው የተናደደበት ነገር ግን ባዶ አይደለም። 10 በመቶው 500 ሺህ ካወጣ ሙሉ ኩባንያው 5 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። የዓመት ሽያጯን በአሁኑ ወር ብናሰላው 120 ሺህ ነው፤ ስለዚህ የጠየቀችው ዋጋ ከሽያጩ 40 እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ የተሸጠ ኩባንያ የለም አልልም። ግን «ለምን 5 ሚሊዮን?» ስትባል መልሷ «ከ10 በመቶ በላይ መስጠት አልፈልግም» ነበር። ይህ ምን እንደምትፈልግ ይናገራል እንጂ ኩባንያው ለምን ያን ያህል እንደሚያወጣ አይናገርም።

ደፋር
በዚህ ደረጃ ዋጋ ስሜት ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም። ሁለት ኢንቨስተሮች ከተሻሙባት 5 ሚሊዮኑ 8 ይሆናል፤ ማንም ካልፈለጋት አንድ ሚሊዮንም የሚሰጣት የለም። ስለዚህ ከፍ አድርጎ መጀመር ነው፣ በድርድር ይወርዳል። ደግሞ አስተካክል፦ 5 ሚሊዮን ያለችው ዛሬ ያለውን ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡ ሲገባ 5.5 ይሆናል።

ሚዛን
አይሆንም። 500 ሺህ ከ5.5 ሚሊዮን ውስጥ 9 በመቶ ገደማ ነው፣ እሷ ያለችው 10 ነው። 10 በመቶ ካልክ 5 ሚሊዮኑ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ያለው ፖስትመኒ ነው፤ ዛሬ ያለው ኩባንያ፣ ማለትም ፕሪመኒው፣ 4.5 ሆነ።

ደፋር
ለአንድ በመቶ ይህን ያህል?

ሚዛን
የሚጠየቀው ገንዘብ ከዋጋው ጋር ሲቀራረብ አንድ በመቶ ሆኖ አይቀርም። «1 ሚሊዮን በ4 ሚሊዮን» ብለህ ውጣ። አንተ ፕሪመኒ ብለህ 20 በመቶ ሰጠሁ ትላለህ፣ ኢንቨስተሩ ፖስትመኒ ብሎ 25 ጽፎ ይመጣል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፣ ውሉ ላይ ግን የሚቆመው የተጻፈው ነው።

ተስፋ
ይቅርታ፣ በመሃል ገባሁ። 10 በመቶው በየዓመቱ ከትርፉ የሚከፈል ነው? ከሆነ እኮ 500 ሺህ ለመመለስ ዕድሜ ልክ ይፈጃል።

ሰናይት
አይደለም ተስፋ። ብድር አይደለም፣ ተመላሽም የለውም። አዲስ አክሲዮን ይወጣና ኢንቨስተሩ ባለቤት ይሆናል፤ ትርፉን የሚያገኘው በአብዛኛው ኩባንያው ሲሸጥ ወይም አክሲዮኑን ሌላ ሲገዛው ነው። ኩባንያው ከወደቀ ገንዘቡ አብሮ ይሄዳል። ዋጋው ላይ የሚጨቃጨቁት ለዚህ ነው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ሁላችሁም 10 በመቶው ላይ ተጣብቃችኋል። 500 ሺህ ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። መነሻው እሱ መሆን ነበረበት። ራሷ ባቀረበችው ዕቅድ አራት ሰው ቀጥራ የወር ጉድለቷ፣ ሽያጩ ተቀንሶ፣ በአማካይ 28 ሺህ ይሆናል። በ18 ወር 504 ሺህ ነው፤ 500 የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን የሚቀጥለውን ዙር ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለቀጣዩ ኢንቨስተር የምታሳየው ውጤት በ12ኛው ወር መታየት አለበት። ቅጥሩ ወይም ምርቱ ሦስት ወር ቢዘገይ 84 ሺህ ይጎድላታል፣ ያኔ ካዝናው ባዶ ሆኖ ነው ድርድር የምትቀመጠው። እኔ ብሆን 600 ሺህ እጠይቅ ነበር፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ መካከል። ይህም ኩባንያውን ከ4 እስከ 3 ሚሊዮን ያደርገዋል።

ደፋር
አየሽ፣ ልጅቷን እጥፍ አስከፈልሻት። ያተረፍሽላት 100 ሺህ ነው።

ሰናይት
100 ሺሁ ሦስት ወር ተኩል ይገዛል። ገንዘብ ያለቀበት መሥራች የትኛውን ዋጋ እንደሚፈርም አይቻለሁ።

ብርቱካን
እኔ የመጣሁት ከሌላ በኩል ነው። የእኛ ኩባንያ ዋጋ ሳይቆርጥ በሴፍ ነበር የጀመረው፤ ገንዘቡ ዛሬ ይገባል፣ አክሲዮኑ የሚወጣው በኋላ ዋጋ ሲቆረጥ ነው። አንዱ 200 ሺህ በ4 ሚሊዮን ካፕ፣ ማለትም በዋጋ ጣሪያ፣ ሌላው 300 ሺህ በ5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 250 ሺህ በ5 ሚሊዮን። «ዋጋ ወደፊት ይወሰናል» ተብሎ ሁሉም ደስ ብሎት ፈረመ። ከ2018 ወዲህ ያለው የፖስትመኒ ሴፍ ስለሆነ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ የዚያኑ ቀን ታውቋል፦ 5፣ 6 እና 5፣ ድምሩ 16 በመቶ። አንዱ ሴፍ ሌላውን አያሳሳውም፣ ሁሉም የሚወጣው ከመሥራቾቹ ነው። ከዚያ ዋጋ ያለው ዙር መጣ፣ 20 በመቶ ወሰደ፤ 10 በመቶ ደግሞ ለሠራተኞች የአክሲዮን ድርሻ ተቀመጠ። ለሁለታችን የቀረን 59 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «10 በመቶ ብቻ ሰጠሁ» የሚል ሰው ከዚያ በፊት ምን እንደፈረመ ጠይቁት።

ማለዳ
እሷ ሴፍ የላትም፣ ብርቱካን። ንጹሕ ነው የመጣችው።

ሚዛን
«ዋጋ ስሜት ነው» የሚለውን ልመልስ፤ ብዙ መሥራች የሚጎዳው በዚህ አባባል ነው። ዋጋውን የምትፈትነው ከሚቀጥለው ዙር ወደ ኋላ ተመልሰህ ነው። ቀጣዩ ኢንቨስተር ኩባንያውን በዓመት ሽያጩ 10 እጥፍ ይገዛዋል እንበል፤ 10 የኔ ግምት ነው፣ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። የዛሬው ኢንቨስተር ደግሞ ዋጋው ቢያንስ እጥፍ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በ5 ሚሊዮን ከተነሳች በ18 ወር 10 ሚሊዮን ማውጣት አለባት፤ ስለዚህ የዓመት ሽያጯ 1 ሚሊዮን፣ የወሩ 83 ሺህ መሆን አለበት። ከ10 ሺህ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በየወሩ 12.5 በመቶ ማደግ፣ አንድም ወር ሳይቋረጥ። በ2.5 ሚሊዮን ከተነሳች፣ ማለትም 20 በመቶ ብትሰጥ፣ የሚያስፈልጋት በወር 8 በመቶ ገደማ ነው። የእሷ ያለፈው ስድስት ወር እድገት ራሷ እንዳሳየችው 8 በመቶ ነበር። እንግዲህ 20 በመቶ የምትሰጥበትን ዋጋ እስካሁን ባላት አካሄድ ትደርስበታለች፤ 10 በመቶ የምትሰጥበትን ግን እስካሁን ባላሳየችው ፍጥነት።

ደፋር
አሁን ሒሳብ አመጣህ፣ በሒሳብ ልመልስልህ። ልጅቷ ያው ልጅ ናት፣ ሽያጩም ያው ነው። በ8 በመቶ አድጋ የዓመት ሽያጯ 500 ሺህ ደረሰ እንበል። ቀጣዩ ኢንቨስተር ያንተኑ 10 እጥፍ አስልቶ 5 ሚሊዮን ይላል፤ ትናንት በስንት እንደተሸጠች ምን አገባው? 20 በመቶ ወሰደ። ዛሬ 10 ከሰጠች 72 በመቶ ይቀራታል፣ ዛሬ 20 ከሰጠች 64። አንተ ባመጣኸው ቁጥር እንኳ ከፍ ያለው ዋጋ 8 በመቶ አተረፈላት። ስሜት ያልኩት ይህ ነው፤ የዛሬው ዋጋ ነገን አያስርም።

ብርቱካን
ይህን መመለስ ይከብዳል።

ሚዛን
ስሌቱ ልክ ነው፣ አልክድም። ያልገባበት ነገር ግን አለ። በዚያ ሁኔታ የመጀመሪያው ኢንቨስተር በ18 ወር ውስጥ ምንም አላተረፈም። በቀጣዩ ዙር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ «እናንተ ትጨምራላችሁ?» ይባላል። እሱ ካመነታ አዲሱ ይሸሻል። ስለዚህ «20 በመቶ ወሰደ» ያልከው ዙር ራሱ ላይመጣ ይችላል።

ዋጋው ከወረደ ደግሞ የዋጋ መውረድ መከላከያ አንቀጽ አለ፤ ለቀድሞው ኢንቨስተር አክሲዮን ይጨምርለታል። ኩባንያው 1 ሚሊዮን አክሲዮን አለው፣ በ5 ዶላር 100 ሺሁን ሸጠች እንበል። ቀጣዩ ዙር 1 ሚሊዮን ዶላር በ3 ዶላር ቢገባ፣ በተለመደው የአማካይ ስሌት የመጀመሪያው ኢንቨስተር 100 ሺህ አክሲዮን ወደ 111 ሺህ ያድጋል። ያን ያህል አይገድልም። ሙሉ ማስተካከያ የሚል ውል ከፈረመች ግን እሱም በ3 ዶላር እንደገዛ ተቆጥሮ ወደ 167 ሺህ ይሆናል። በዋጋ የጠበቀችውን ድርሻ በአንቀጽ አስረከበች።

ደፋር
አንቀጹን አትፈርም እንግዲህ። እሱ የጠበቃ ጉዳይ ነው፣ የቫሉዌሽን አይደለም።

ሚዛን
እንዴት አይደለም! ከፍ ያለ ዋጋ ስትጠይቅ ኢንቨስተሩ «እሺ ዋጋው ያንቺ፣ ውሉ የኔ» ነው የሚልህ። ጠንካራ አንቀጽ የሚመጣው የማያምንበትን ዋጋ ሲቀበል ነው።

ሰናይት
ብርቱካን የጠቀሰችው የሠራተኞች ድርሻም ዋጋ መቀነሻ ነው። «4 ሚሊዮን ፕሪመኒ፣ 1 ሚሊዮን እናስገባለን» ይሉሽና ከታች «ከዙሩ በኋላ 10 በመቶ ለሠራተኞች፣ ከፕሪመኒው ውስጥ» ብለው ይጽፋሉ። የ5 ሚሊዮን 10 በመቶ 500 ሺህ ነው፤ እሱ ከመሥራቾቹ ይወጣል። እውነተኛው ዋጋሽ 3.5 ሚሊዮን ሆነ። መልሱ የቅጥር ዝርዝር ይዞ መሄድ ነው፤ በ18 ወር የምትቀጥሪያቸው አራት ሰዎች 6 በመቶ የሚበቃቸው ከሆነ 10 የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ደፋር
ወደ ዳኛው እንመለስ። ጀማሪ ኩባንያዎችን በፕሮግራም የሚያሳድገው ዋይ ኮምቢኔተር ለገባ ሁሉ 125 ሺህ ዶላር ለ7 በመቶ ይሰጣል። ሽያጭ ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ይህ የየኩባንያው ስሌት ነው? እነሱ ሲቆርጡ ደንብ፣ እሷ ስትቆርጥ ስግብግብነት?

ሚዛን
7 በመቶው የፕሮግራሙ መግቢያ ነው፤ አብሮ የሚሰጠው 375 ሺህ ግን ካፕ የለውም፣ በኋላ ለሌላ ኢንቨስተር የተሰጠውን የተሻለ ውል ይከተላል። እነሱም ለትልቁ ገንዘብ ዋጋ አልቆረጡም።

ሰናይት
ስለዚህ እሷም ባትቆርጥ ይሻላት ነበር። መድረክ ላይ ገንዘቡን እና በገንዘቡ የሚደረስበትን ተናገሪ፤ ዋጋውን ሁለት ሦስት ኢንቨስተር ፍላጎት ካሳየ በኋላ በዝግ ተነጋገሪበት። የመጀመሪያውን ቁጥር ራስሽ ከጣልሽ ከዚያ በላይ የሚሰጥሽ የለም።

ማለዳ
የውድድሩ ደንብ እኮ ሁለቱንም ቁጥር ያስገድዳል፣ ሰናይት። ድርሻ ያልጻፈ አይገባም።

ደፋር
ካስገደዳት ደግሞ ከፍ ያለውን መጻፏ ትክክል ነው። ዳኛው 20 በመቶ ይበላት፣ 15 ላይ ይገናኙ።

ሚዛን
የሚገናኙት 15 ላይ የምትቆምበት ምክንያት ካላት ነው። ዳኛው «ለምን?» ሲላት ምክንያት አላቀረበችም፤ አንተም እስካሁን አልመለስክላትም።

ደፋር
72 እና 64 ብዬ መልሻለሁ። አንተ ነህ ያልመለስከው።