የኤንፒኤስ ውጤታችን ከ30 ወደ 15 ወረደ፤ የሪሴፕሽን ልጆቹ ቦነስ ሊቆረጥ ነው

የሕርማታዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የሪሴፕሽን ኃላፊ ነኝ። እንግዳ ሲወጣ «ለወዳጅዎ ወይም ለሥራ ባልደረባዎ እኛ ጋ እንዲያርፍ ይነግሩልናል? ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡናል?» ብለን እንጠይቃለን፤ ኤንፒኤስ የምንለው ውጤት ከዚህ መልስ ነው የሚወጣው። በጥር 80 ሰው መለሰ። 40ው 9 ወይም 10 ሰጡ፣ 24ቱ 7 ወይም 8፣ 16ቱ 6 እና ከዚያ በታች። በየካቲትም 80 መለሱ፤ 32፣ 28 እና 20 ሆኖ ተከፈለ። እኔ ሳሰላው 43 እና 23 መጣልኝ። ሒሳብ ሹማችን ግን 30 እና 15 ነው ይላል። ማን ነው የተሳሳተው? ባለቤቱ «በግማሽ ወረድን፣ ሪሴፕሽኑ ነው ያበላሸው» ብለው የልጆቹን ቦነስ ሊቆርጡ ነው። እስከ ዓርብ መልስ ይዤ መቅረብ አለብኝ።

ቁጥር ወዳጅ
ሒሳብ ሹሙ ልክ ነው። አንቺ 7 እና 8 የሰጡትን ጨርሰሽ አውጥተሻቸዋል። የጥርን 24 ሰው ትተሽ በ56 አካፈልሽ፣ ስለዚህ 43 መጣ። እነዚህ ሰዎች በመደመሩም በመቀነሱም አይገቡም፤ በአካፋዩ ውስጥ ግን አሉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ከ80ው 9 እና 10 የሰጡት፣ ፕሮሞተር ወይም ደጋፊ የሚባሉት፣ 50 በመቶ ናቸው፤ 6 እና ከዚያ በታች የሰጡት፣ ነቃፊ የሚባሉት፣ 20 በመቶ፤ ልዩነቱ 30። ኤክሴል ላይ ቁጥሮቹ ከ B2 እስከ B81 ካሉ ይህን ጻፊ፦

```
=100*(COUNTIF(B2:B81,">=9")-COUNTIF(B2:B81,"<=6"))/COUNT(B2:B81)
```

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ያልመለሰ እንግዳ ሕዋሱ ባዶ ይሁን። «ለጊዜው» ብሎ 0 የሚሞላ ሰው ካለ፣ ዝም ያለው ሁሉ ሆቴሉን እንደጠላ ይቆጠራል።

ውጤቱ ፐርሰንት አይደለም። ከ100 ሲቀነስ ይጀምርና እስከ 100 ሲደመር ይደርሳል። ስለዚህ «በግማሽ ወረደ» የሚለው አባባል ራሱ ትርጉም የለውም። 15 ነጥብ ወረደ ነው የሚባለው። የወረደውም እውነት ሆቴሉ ተበላሽቶ መሆኑ ገና አልታወቀም።

ተመራቂ ነኝ
እኔ እንኳ የባለቤቱን ሐሳብ እደግፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስንማር ናሙናው ከ30 ከበለጠ በቂ ነው ተብለናል። እዚህ 80 እና 80 አለ። ስለዚህ 15 ነጥቡ የእውነት መውረድ ነው። ቦነሱን መቁረጥ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ቁጥር ወዳጅ
ወንድሜ፣ 30 የሚለው ልማድ የመጣው ስለ አማካይ ስርጭት ቅርፅ ነው፤ ስህተቱን አያጠብበውም። ኤንፒኤስ ደግሞ በባሕርዩ በጣም የሚወዛወዝ ቁጥር ነው። አንድ እንግዳ ከ6 ወደ 9 ቢዘል፣ አንዴ ከነቃፊው ይወጣል፣ አንዴ ደግሞ ከደጋፊው ይገባል። በ80 ሰው ውስጥ ያ አንድ ሰው ብቻውን ውጤቱን 2.5 ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል።

በነዚህ ቁጥሮች ሳሰላው የጥሩ 30 በዙሪያው ወደ 17 ነጥብ ላይና ታች ስፋት አለው። የየካቲቱም እንዲሁ። ሁለቱን ስታነጻጽሩ የልዩነቱ ስፋት ወደ 24 ነጥብ ይደርሳል። የታየው 15 ነው፤ እዚያ ስፋት ውስጥ ይገባል። ማለትም ሆቴሉ ውስጥ አንድም ነገር ሳይለወጥ፣ በዕድል ሌሎች 80 ሰዎች ስለመለሱ ብቻ ይህን ያህል ሊወርድ ይችላል። ስፋቱ ለአንድ ወር ወደ 5 ነጥብ እንዲጠብ ከፈለጋችሁ ወደ 940 መላሽ ያስፈልጋል። የጅማ መካከለኛ ሆቴል በወር ይህን አያገኝም። ስለዚህ በየወሩ ሰውን ለመቅጣት ይህን ቁጥር መጠቀም አይቻልም።

አጂፕ አካባቢ
እኔ የምለው፣ ፕሮሞተር የምትሏቸው ደላሎቹና ሾፌሮቹ ናቸው አይደል? እኛ ጋ ከአዲስ አበባ እንግዳ ላመጣ ሾፌር ኮሚሽን ከፍ ስናደርግለት እንግዳ በዛ። እሱን ሞክሪ እህቴ።

የሕርማታዋ
አይ ወንድሜ፣ እነዚህ እንግዶች ራሳቸው ናቸው። ዘጠኝና አስር የሰጡትን ነው እንዲያ የምንላቸው። ለሐሳቡ ግን አመሰግናለሁ።

የቦዬው
የናንተን አላውቅም፤ የኔን ልንገርሽ። አዲስ አበባ አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ ሠርቻለሁ። ቦነሳችን ከዚሁ ቁጥር ጋር ተያዘ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ስናስረክብ ደንበኛውን እጁን ይዘን «ጋሼ፣ ከ9 በታች ከሰጡኝ ደሞዜ ይነካል» እንል ነበር። የተናደደ ደንበኛ ደግሞ ፎርሙ አይደርሰውም፤ ስልኩን በአንድ ቁጥር አሳስተን እንጽፍ ነበር። ውጤታችን 80 ገባ። በዚያው ዓመት ለሰርቪስ የሚመለሰው መኪና ቀነሰ። አለቃችን ቁጥሩን እያየ ደንበኛው ለምን እንደሸሸ ሊገባው አልቻለም። ልጆቹን በቁጥሩ ከቀጣችኋቸው ከመጋቢት ጀምሮ ጥሩ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ እውነቱን ግን አታገኙም።

ቁጥር ወዳጅ
የቦዬው ያለው በደንብ የታወቀ ነገር ነው። መለኪያውን በፈረንጆች 2003 ያስተዋወቀው ፍሬድ ራይክሄልድ ራሱ ውጤቱ ከቦነስ ጋር ሲታሰር እንደሚበላሽ ደጋግሞ ተናግሯል። በ2021ም አጠገቡ የሚታይ፣ ከሒሳብ መዝገብ የሚወጣ ሌላ መለኪያ አቅርቧል፤ ተመላሽ ደንበኞችና በነሱ ምክር የመጡ አዳዲሶች ያስገቡት ገቢ ማለት ነው።

እህቴ፣ አሁን ወሳኙን ልጠይቅሽ። ጥርና የካቲት ጥያቄውን የጠየቃችሁት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው?

የሕርማታዋ
አይደለም! ጥር ላይ ሁሉንም በታብሌት ነው የጠየቅነው፤ እንግዳው ቁልፍ ሲመልስ ልጆቹ ታብሌቱን ያቀርቡለታል። በየካቲት አጋማሽ የባለቤቱ ልጅ ሐሳብ አመጣና ለግማሾቹ ከሄዱ በኋላ በቴሌግራም መላክ ጀመርን። ቆይ፣ ልለያቸው።

...

ለየኋቸው። በታብሌት 44 ሰው መልሷል፤ 22ቱ ዘጠኝና አስር፣ 15ቱ መሐል ላይ፣ 7ቱ ከ6 በታች ወይም 6። በቴሌግራም 36 ሰው፤ 10፣ 13 እና 13።

ቁጥር ወዳጅ
በቃ ታየ። በታብሌት የመለሱት ሰዎች ውጤት 34 ነው። ጥር 30 ነበር፤ የወረደ ነገር የለም። በቴሌግራም የመለሱት ውጤት ግን ከዜሮ በታች፣ ወደ 8 ሲቀነስ ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ነው 15 የሆኑት። ባለቤቱ ያዩት የእንግዳ መቀበያውን መበላሸት አይደለም፤ ጥያቄው የሚቀርብበትን መንገድ መለወጥ ነው።

ግን «እንግዲያውስ ደህና ነን» ብለሽ አትመለሺ። ፈገግ ያለች ልጅ ፊት ለፊቱ ቆማ ታብሌት ስትዘረጋለት ማን 4 ይሰጣል? በተለይ እኛ አገር ይሉኝታው አለ። ሰውዬው ቤቱ ሲገባ ግን የተሰማውን ይጽፋል። ምናልባት የጥሩ 30 ራሱ የተጋነነ ነበር። በቴሌግራም 6 እና ከዚያ በታች የሰጡትን የ13ቱን አስተያየት አንብቢ። ቁጥሩን እርሺው፣ የጻፉትን አንብቢ።

የሕርማታዋ
አነበብኩ። ከ13ቱ 8ቱ አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ሦስተኛ ፎቅ ጠዋት ሙቅ ውሃ የለም። አንዱ «ልጆቹ እንደ ቤተሰብ ነው የተቀበሉን፣ ቡናውም ልዩ ነው፣ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ስብሰባ ገባሁ» ብሎ 6 ሰጥቷል። ሌላው ስለዚሁ ውሃ «ገንዘቤን መልሱ» ብሎ 0 ሰጥቷል። ሁለቱም እኩል ነው የሚቆጠሩት?

ቁጥር ወዳጅ
አዎ፣ እኩል። የመለኪያው ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። 6 የሰጠው ሰው ቦይለሩ ቢሠራ ነገ ይመለሳል። 0 የሰጠው ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ። ውጤቱ ላይ ግን አንድ ናቸው። እንዲሁም 15 የሚባል ውጤት ሁለት ፍጹም የማይገናኙ ሆቴሎች ሊያመጡት ይችላሉ። አንዱ ጋ 15 በመቶው ይወዱታል፣ የቀሩት 85 በመቶ መሐል ላይ ናቸው፣ የሚጠላው የለም። ሌላው ጋ 50 በመቶው ይወዱታል፣ 35 በመቶው አዝነዋል። የመጀመሪያው የጎላ ነገር የሌለው ሆቴል ነው። ሁለተኛው አንድ ቦታ ላይ የተሰበረ ነገር አለው። የናንተ የየካቲቱ መዝገብ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ስለዚህ ለባለቤቱ አንድ ቁጥር አትውሰጂ፤ ሦስቱንም ድርሻ ከነመንገዱ አሳዪያቸው፣ የ8ቱን ቃል ደግሞ ከታቹ ጻፊ።

የቦዬው
እኔም አንድ ልጨምር። የጥሩን መዝገብ ገልብጠሽ 1 የሰጡትን እይ። ከዚህ በፊት ጥናት ስንሰበስብ አንድ አባት 1 ሰጡን። «ምን አስከፋዎት?» ስንላቸው «ኧረ ምን አስከፋኝ፣ አንደኛ ናችሁ ማለቴ ነው» አሉ።

የሕርማታዋ
አለ! ሁለት ሰው 1 ሰጥቶ «በጣም እናመሰግናለን» ብሎ ጽፏል። ልቀይራቸው?

ቁጥር ወዳጅ
በግምት አትቀይሪ። ደውለሽ ጠይቂ፤ ራሳቸው «10 ማለቴ ነው» ካሉ አስተካክዪና አጠገቡ ማስታወሻ ጻፊ። ሁለቱ ብቻ የጥርን ውጤት ከ30 ወደ 35 ይወስዱታል። ግን 10 ሰጥቶ ስድብ የጻፈ ካለም እሱንም በዚያው መንገድ አረጋግጪ። ወደ ላይ የሚወስደውን ብቻ ካረምሽ ቁጥሩን እያሳመርሽው ነው።

ተመራቂ ነኝ
ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ቦነሱ መነካት የለበትም። አንድ ያልገባኝ አለ። በቴሌግራም ለስንት ሰው ነው የላካችሁት? የተናደደ ሰው ብቻ መልሶ ከሆነ 8 ሲቀነስም እኮ እውነት አይደለም።

የሕርማታዋ
ለ120 ሰው። 36 መለሱ፤ 84ቱ ዝም አሉ።

ቁጥር ወዳጅ
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ከዚህ ቁጥር ማግኘት አይቻልም። እውነተኛው ከ8 ሲቀነስ እስከ 34 ባለው የቱም ጋ ሊሆን ይችላል። ከ84ቱ ሃያውን በዕጣ አውጥታችሁ በስልክ ብትጠይቁ ትንሽ ይጠራል። ሃያ ሰው ጥቂት ስለሆነ ውጤቱን እንደ ነጥብ አትያዙት፤ ሙቅ ውሃው ይነሳ እንደሆነ ብቻ ስሙ።

የሕርማታዋ
ባለቤቱን ዛሬ አነጋገርኳቸው። የቦነሱን ነገር «ቆይ ልየው» ብለዋል፤ አልሰረዙትም። የቧንቧ ሠራተኛው ግን ነገ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ስልኩን እኔ ልደውል ወይስ ከልጆቹ አንዷ?

የቦዬው
ሁለታችሁም አትደውሉ። ድምፃችሁን የሚያውቅ እንግዳ «ሁሉም ጥሩ ነበር» ነው የሚላችሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያልቆመ ሰው ፈልጉ፤ ሒሳብ ሹሙም ቢሆን ይሆናል።